ከኋላ ማን መታኝ?

እሑድ ማለዳ ነበር። ሰውነት ማሟሟቂያ የሚባለውን ነገር በወሬ አሳልፈን የጤና ቡድናችን ሁለት ቦታ ተከፍሎ ጨዋታ ጀመረ። እኔ ገና ጃኬቴን እንኳ አላወለቅሁም። አሥር ደቂቃ ያህል እንደተጫወትን አንዲት ኳስ በጎኔ አለፈች። ልደርስባት ብዬ ቀኝ እግሬን ከኋላ ዘርግቼ መሬቱን በኃይል ስገፋ ባቴ ውስጥ "ጧ!" አለ። ድንጋይ የተወረወረብኝ ወይም አንዱ በጫማው የጠለዘኝ መስሎኝ ዞር አልኩና "ማነው የመታኝ?" ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

የባት ጡንቻ የተቀደደባቸው ብዙ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ እንደሚጠይቁ የሰማሁት በኋላ ነው። ሐኪሙ ታሪኩን እየሰማ ፈገግ ሲል፣ ግማሹን ምርመራ በጥያቄዬ ጨርሶት ኖሯል።

ጓደኞቼ ግን "ክራምፕ ነው" አሉ። አንዱ እግሬን አነሳ፣ ሌላው የጫማዬን ጫፍ ይዞ ወደ ቅልጥሜ ገፋ። ለክራምፕ ትክክለኛ እርዳታ ነው፤ ለተቀደደ ጡንቻ ግን ስንጥቁን ይበልጥ መክፈት ነው። ሁለቱን መለየት ያን ያህል አይከብድም። ክራምፕ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሰው ከደከመ በኋላ ነው፤ ባቱ በሙሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይለቃል። መቀደድ ግን በአንድ ቅጽበት ይመጣል፣ አይለቅም፣ ሕመሙ ያለበትንም ቦታ በአንድ ጣት መጠቆም ይቻላል። የእኔ ከባቴ መካከል ዝቅ ብሎ ወደ ውስጠኛው ጎን ነበር። ተነስቼ በጣቶቼ ለመቆም ስሞክር ተረከዜ ከመሬት አልላቀቅ አለኝ።

ቦታው በአጋጣሚ አልተመረጠም። ባት በዋናነት ሁለት ጡንቻ ነው። ከላይ ያለው ከጉልበት በላይ ይጀምርና ወርዶ ከሥሩ ካለው ሰፊ ጡንቻ ጋር በተረከዝ ጅማት ይያያዛል። ስለዚህ የላይኛው ሁለት መገጣጠሚያ ያልፋል። ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚት ታጥፎ፣ መሬት በኃይል ሲገፋ ያ ጡንቻ ከላይም ከታችም እየተሳበ በዚያው ቅጽበት መኮማተር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሸነፈውም ውስጠኛው ክፍሉ ከጅማቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ነው። ሐኪሞች ይህን ጉዳት "የቴኒስ እግር" ይሉታል። ኳስ ሲመታም ሆነ ታክሲ ለመያዝ ሲሮጥ፣ በተለይ አርባን የተጠጋ ወይም ያለፈ ሰው ላይ ይበዛል።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያደረገው ሌላ የከፋ ነገር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነበር። በሆዴ አስተኝቶ እግሮቼ ከአልጋው ጫፍ እንዲንጠለጠሉ አደረገና ባቴን በእጁ ጨመቅ አደረገው። ሲጨመቅ የእግሬ መዳፍ ወደ ታች ተንቀሳቀሰ። ባይንቀሳቀስ ኖሮ የተበጠሰው አኪለስ የሚባለው የተረከዝ ጅማት ነው ማለት ነበር፤ እሱ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ያስኬዳል። ከቀናት በኋላ ባት እያበጠ፣ እየሞቀና እየቀላ ከሄደም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መታየት ያስፈልጋል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋማ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የምትመራው ደም ናት። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለሩብ ሰዓት ያህል በቀን ደጋግሞ መያዝ፣ ከጣት ሥር ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ በላስቲክ ፋሻ መጠቅለል፣ እግርን በትራስ ከፍ ማድረግ። ጫማ ውስጥ ከተረከዝ ሥር አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነገር ማስገባትም ጡንቻውን ከመሳብ ያሳርፈዋል። ሙቅ ውኃ፣ መጠጥና ማሸት ግን ደሙን ያበዙታል።

እኔ ይህን አላከበርኩም። በሁለተኛው ቀን ሰው ሰፈር ያለ ወጌሻ ጋ ወሰደኝ። ቅባት ቀብቶ በአውራ ጣቱ ስንጥቁ ላይ ወጥቶ ወረደ። ማታ ባቴ አበጠ። በአምስተኛው ቀን ሐምራዊው ቀለም ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ወርዶ ባለቤቴን አስደነገጣት። ደሙ ወደ ታች መውረዱ በራሱ የሚያስፈራ አይደለም፤ መጠኑ ግን የወጌሻው ነበር። ወጌሻ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም፤ ትኩስ ስንጥቅን የሚያሽ እጅ ግን የማንም ይሁን የማን አይጠቅምም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሳላነክስ መራመድ ቻልኩ። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። አለሳልሼ ልሩጥ ብዬ ወጣሁና ሁለት መቶ ሜትር ሳልሞላ ያው ቦታ እንደገና ያዘኝ። እርምጃ ከባት የሚጠይቀው ኃይልና ሩጫ የሚጠይቀው እጅግ ይራራቃል፤ ሕመሙ ሲጠፋ ስፌቱ ገና ልስልስ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ግድግዳ አስደግፋ በግራ እግሬ ብቻ አቆመችኝ፣ "ተረከዝዎን እስከ መጨረሻው ያንሱ፣ ቀስ ብለው ይመልሱ" አለችኝ። ሃያ አራት ጊዜ ሆነልኝ። "አሁን የታመመውን፣ ጋሼ።" ስድስት ላይ ቆምኩ። "ታዲያ ሁለቱ ሳይቀራረቡ ምን ያሮጥዎታል?" አለች።

ከዚያ በኋላ መለኪያዬ ያ ቁጥር ሆነ። መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተረከዝ ማንሳት፣ ቀጥሎ ቆሜ በሁለት እግር፣ ቀጥሎ በአንድ። ጉልበት ቀጥ ብሎ ሲሠራ የላይኛው፣ ታጥፎ ሲሠራ የታችኛው ጡንቻ ይበልጥ ስለሚጠነክር ሁለቱንም አፈራረቅሁ። በስድስተኛው ሳምንት ሃያ ሁለት ደረስኩ፣ በአንድ እግሬም ያለ ሕመም መዝለል ቻልኩ። ሩጫ የተፈቀደልኝ ያን ጊዜ ነው፦ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ዙር፣ ቀን እየዘለሉ። ደቂቃው ከረዘመ በኋላ ፍጥነት፣ ከፍጥነት በኋላ ድንገት መነሳትና አቅጣጫ መቀየር፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መጨመር አልተፈቀደልኝም። ዳኛዋ ደግሞ የማግስቱ ጠዋት ነች። ከአልጋ ስወርድ ባቴ ከትናንቱ የባሰ ከተያዘ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። በአሥረኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ብቻ ተጫወትኩ።

የእኔ መካከለኛ ስንጥቅ ነበር፣ ሁለተኛው ጥፋቴ አረዘመው እንጂ። ቀላሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ መካከለኛው ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ ሙሉ በሙሉ የተቀደደው ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ምርጥ ሐኪም ያለውም አይተርፍም። የቅርጫት ኳሱ ኬቪን ዱራንት እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2019 ቀኝ ባቱ ተጎዳ፣ ከወር በኋላ ለፍጻሜ ጨዋታ ተመለሰ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ተጫውቶ የዚያው እግሩ የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ። አንዱ ሌላውን አመጣው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ እኔ ግን ባለሙያዋ "ገና ነው" ስትለኝ የማስበው እሱን ነበር።

አሁን በየእሑዱ ከጨዋታ በፊት ሩብ ሰዓት እናሟሙቃለን፤ ጃኬትም እናወልቃለን። እናንተም ሜዳ ላይ አንዱ ዞር ብሎ "ማነው የመታኝ?" ካለ፣ እባካችሁ ጣቱን አትሳቡት።