ኮዴይንና የጡት ወተት፦ ፋርማሲስቱን ምን እንጠይቅ?

በኦስሎ «ፓራሴት» እና «ኢቡክስ» የሚሸጡት በፋርማሲ ብቻ አይደለም። ከ2003 ጀምሮ ከዳቦና ከወተት ጋር በምግብ መደብርም ይገኛሉ። የመደብሩ ገንዘብ ተቀባይ ግን ስለ መድኃኒት ምክር አይሰጥም። ስለዚህ እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ወደ «አፖቴክ» ብትሄድ ይሻላል። ኖርዌጂያኖች ፋርማሲን የሚጠሩት እንዲህ ነው። እዚያ የተማረ ፋርማሲስት አለ፤ ለመጠየቅም አይከፈልም።

በኢትዮጵያውያን ቤት ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበት መድኃኒት ኮዴይን ይመስለኛል። ኖርዌይ ውስጥ «ፓራልጂን ፎርተ» በሚባለው የሕመም ማስታገሻ ውስጥ አለ። አንዱ ክኒን 400 ሚሊግራም ፓራሲታሞልና 30 ሚሊግራም ኮዴይን ይዟል። የሚሸጠው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ወገቡን ያመመው ሰው ተርፎት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በኋላም «እንኪ፣ ይሻልሻል» ብሎ ለአራስ ይሰጣታል።

ኮዴይን ራሱ ደካማ መድኃኒት ነው። ጉበታችን ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ሕመሙን በዋናነት የሚያስታግሰው ያ ሞርፊን ነው። አንዳንድ ሰዎች የዚህን ኢንዛይም ጂን ከሁለት በላይ ስለሚወርሱ ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ይሠራሉ። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ በእኔ ሥራ አንድ ዓይነት ነገር ካስገባን አንድ ዓይነት ውጤት እንጠብቃለን። ጉበት እንዲህ አይሠራም።

በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ከ100 ሰዎች 29 ያህሉ ተጨማሪ ጂን ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ100 ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ነው። ሞርፊን ወደ ጡት ወተት ያልፋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከሰውነቱ ቶሎ ማስወጣት አይችልም። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት ከ2013 ጀምሮ የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይን እንዳይወስዱ ይመክራል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ዘመዴ በወለደች በ9ኛው ቀን ወገቧን አመማት። ባሏ ከራሱ የተረፈ «ፓራልጂን ፎርተ» ሰጣት። ከመዋጧ በፊት ማሸጊያውን ይዘን ወደ አፖቴክ ሄድን፤ እኔ ላስተረጉም ነበር። ማሸጊያው ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን አለ። እሷም «ይህ ለሚያጠቡ ይሆን?» አለችኝ። አይደለም፤ ምልክቱ መኪና ለሚነዱ የተደረገ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለ ማጥባት የሚናገረው ውስጥ ያለው ወረቀት ነው።

ለፋርማሲስቷ መጀመሪያ የተናገርነው የሕመሙን ስም አልነበረም። «ያይ አመር» አልን፤ «እያጠባሁ ነው» ማለት ነው። እርጉዝ ብትሆን «ያይ ኤር ግራቪድ» ትል ነበር፤ ስንተኛ ሳምንቷ እንደሆነም ትናገር ነበር። ቀጥለን ሕፃኑ 9 ቀኑ እንደሆነና ጊዜው ደርሶ እንደተወለደ ነገርናት። ከዚያም ሦስት ነገር ጠየቅን፦ በውስጡ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ምንድን ነው? ከወሰደችው ፓራሴት ጋር ይደራረባል? በምትኩ ምን ልትወስድ ትችላለች?

መልሷ ግልጽ ነበር። ኮዴይኑ ይቅር፤ በውስጡ ፓራሲታሞልም ስላለ ከፓራሴት ጋር ሲወሰድ መጠኑ ይደራረባል። ለሚያጠቡ እናቶች ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ይመረጣሉ፤ ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። ዘመዴ ጂኑ ይኑራት አይኑራት አታውቅም፤ አብዛኞቻችንም ተመርምረን አናውቅም።

«ለአራስ ይሆናል» የተባለ መድኃኒት ግን ለእርጉዝ ላይሆን ይችላል። ያው ኢቡፕሮፌን በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት አይወሰድም። በፅንሱ ልብ አጠገብ ክፍት ሆኖ መቆየት ያለበትን የደም ሥር ሊያጠብ፣ የሽርት ውሃውንም ሊቀንስ ይችላል። ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮም ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ አይገባም። ለዚህ ነው ሳምንቱን መናገር የሚያስፈልገው። ሐኪም ያዘዘውን የዘወትር መድኃኒት፣ ለምሳሌ የሚጥል በሽታን፣ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ እሱንም መጀመሪያ ጠይቁ።

ቤት ሆኖ በጽሑፍ መጠየቅ ለሚፈልግ tryggmammamedisin.no አለ። ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች በነፃ ይመልሳሉ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም።

እናትየው ኮዴይን ቀድማ ወስዳ ከሆነ ሕፃኑን ተመልከቱ። ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ ለመጥባት ካልነቃ ወይም ሰውነቱ ከዛለ ማጥባቱን አቁማችሁ ወዲያውኑ 116117 ደውሉ። ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከከበደው 113 ነው።