«ፋራ አትሁኑ» ከንግግሩ ሲወጣ

በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ከየክልሉ በተመደቡ አዳዲስ ተማሪዎች ይሞላሉ። አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ፣ በትምህርት ቤት ብቻ የተማረውና ከገበያ የለቃቀመው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዚህ አቀባበል ላይ የሚጋበዝ አነቃቂ ተናጋሪ አዲስ አበባ ላይ ጭብጨባ ያስገኘለትን ንግግር እንዳለ ይዞ ቢመጣ ምን ይፈጠራል?

ንግግሩ እንዲህ ይጀምራል እንበል፦ «ፍሬሾች፣ ነቄ በሉ! ዶርም ተኝታችሁ ከከረማችሁ ውጤት ላይ ወፍ የለም። ከአሁኑ ቸክሉ፤ ፋራ አትሁኑ!»

ለከተማው ልጅ ይህ ሞቅ ያለ ምክር ነው። አማርኛን ከመማሪያ መጽሐፍ የተማረች ልጅ ግን ወፉ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚቸከልም ግራ ይገባታል። ይባስ ብሎ «ፋራ» የአራዳ ልጅ ከገጠር የመጣውን የሚያሾፍበት ቃል ነው። ሊያበረታታ የመጣ ሰው ከአድማጩ ግማሹን ሳያውቀው ሰደበ ማለት ነው። መጀመሪያ መውጣት ያለበትም እሱ ነው።

ለቀሩት ቃላት አቻ እየፈለጉ መተካት ብቻውን አይበቃም። «ቸክሉ» በ«አጥኑ» ቢተካ ይገባል፤ ጉልበቱ ግን ይጠፋል። የተሻለው መንገድ ዐረፍተ ነገሩ አድማጩን ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ ጠይቆ ያንኑ በተግባር ማሳየት ነው፦ «ማስታወሻውን ፈተና ሲደርስ ብቻ የሚገልጥ ተማሪ ይቸገራል። ዛሬ ማታ የዛሬውን ትምህርት ሃያ ደቂቃ አንብቡ። ያልገባችሁን ጻፉና ነገ መምህራችሁን ጠይቁ።» እዚህ ውስጥ የሰፈር ቃል የለም፤ ግፊቱ ግን አለ። በእርግጥ ንግግሩ ይረዝማል፤ ስለዚህ ከሌላ ቦታ አንድ ሁለት ሐሳብ መቀነስ ያስፈልጋል።

ምሳሌያዊ አነጋገር ሁሉ ግን ይጥፋ ማለት አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ድርንና አንበሳን ለሚያውቅ ሁሉ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል፤ አብሮ ማጥናትን ለማበረታታት ቢቀመጥ ያምራል። «ጨርቁን ጣለ» ግን አበደ ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ላልሰማ ሰው ልብሱን ያወለቀ ሰው ብቻ ነው የሚታየው። መለያው ይኸው ነው፦ ቃላቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ከሥዕሉ ማግኘት ይችላል ወይ?

ለዚህ መልሱ ያለው አድማጩ ዘንድ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ንግግሩን ማንበብና «ገባህ ወይ?» ከማለት ይልቅ በራሱ አባባል መልሶ እንዲናገር መጠየቅ ይሻላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰው በይሉኝታ አዎ ይላል። መልሶ ሲናገር የዘለለው ወይም ያጣመመው ቦታ ግን ወዲያው ይታወቃል።

አንድ ችግር ይቀራል፤ አዳራሹ ሲሞቅ ተናጋሪው ወደ ለመደው ቋንቋ ይመለሳል። የተስተካከሉት ዐረፍተ ነገሮች ወረቀቱ ላይ በትልቁ መጻፍ፣ ጭብጨባ በሚጠበቅበት ቦታ የሚባለውም አስቀድሞ ጮክ ብሎ መለማመድ አለበት።