ርካሹ ፕሮፎርማ ስንት ያስወጣል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2007 ቦይንግ በዋሽንግተን ግዛት ኤቨረት ከተማ በሚገኘው ፋብሪካው አዲሱን 787 ድሪምላይነር አውሮፕላን በሺዎች ለሚቆጠሩ እንግዶች አሳየ። ቀኑ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው፤ አሜሪካውያን ወሩን አስቀድመው ሲጽፉት 7/8/07 ይሆናል። የፋብሪካው ግዙፍ በር ተከፍቶ የታየው አውሮፕላን ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር። ውስጡ ግን ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ የበረራ መሣሪያዎች አልተገጠሙም፤ አካሉን ካያያዙት ብሎኖችም ብዙዎቹ ለበዓሉ ሲባል የገቡ ጊዜያዊ ብሎኖች ስለነበሩ እየተፈቱ በሌላ መተካት ነበረባቸው።

ያ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ከሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 2009 ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ፣ የጃፓኑ ኦል ኒፖን ኤርዌይስ፣ በሜይ 2008 እረከባለሁ ብሎ ሲጠብቅ የተረከበው በሴፕቴምበር 2011 ሆነ። በ2005 አሥር አውሮፕላኖችን ያዘዘው የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያውን ያገኘው በኦገስት 2012 ነው። ያኔም ቢሆን ከአፍሪካ ቀዳሚው ነበር።

ለመዘግየቱ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አካሉ በአብዛኛው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ከቀደሙት ይልቅ በኤሌክትሪክ የተሞላ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ነው። ሆኖም የኩባንያው ኃላፊዎች ራሳቸው ኋላ ላይ የጠቀሱት አንድ ምክንያት ከአውሮፕላን ጋር ምንም ንክኪ የሌለውን ነጋዴ ሁሉ ይመለከታል፤ የትኛውን ሥራ በራስ እጅ መሥራት፣ የትኛውን ከሌላ መግዛት እንደሚሻል የተወሰነበት መንገድ ነው።

ቦይንግ ከዚያ በፊትም ብዙ ዕቃ ከውጭ ይገዛ ነበር። በ787 ላይ የተለወጠው የሚገዛው ነገር ስፋት ነው። የክንፉ ዋና ክፍል ለጃፓኑ ሚትሱቢሺ፣ የመሀል አካሉ አንድ ክፍል ለጣሊያኑ አሌኒያ፣ የኋላ አካሉ በሳውዝ ካሮላይና ለሚሠራው ቮውት፣ የፊተኛው ክፍል ከነጋቢናው ለስፒሪት ኤሮሲስተምስ ተሰጠ። አቅራቢዎቹ ክፍላቸውን ሠርተው የሚልኩ ብቻ አልነበሩም። ንድፉን ያወጣሉ፣ የልማት ወጪውን ከራሳቸው ኪስ ይሸፍናሉ፣ ሽቦውንና ቧንቧውን ሁሉ ገጥመው ያስረክባሉ። ኤቨረት የሚደርሱት ትልልቅ ክፍሎች በሦስት ቀን ውስጥ ተገጣጥመው አውሮፕላን ይሆናሉ የሚል ዕቅድ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለቦይንግ መሬትም፣ ማሽንም፣ ብዙ ሠራተኛም አያስፈልግም።

ይህን አስቀድሞ የተቃወመ ሰው ነበር። ከዚያው ከቦይንግ ቤት የሆነው መሐንዲስ ጆን ሃርት ስሚዝ በ2001 ለኩባንያው የውስጥ ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ ሥራ ወደ ውጭ ሲወጣ ወጪው አብሮ አይወጣም ሲል ተከራከረ። አቅራቢውን መቆጣጠር፣ ጥራቱን መመርመር፣ ሲቸገር መሐንዲስ መላክ፣ የማይገጥመውን ማስተካከል ሁሉ በገዢው ትከሻ ላይ ይቀራል። በማስረጃነት ያነሳው እሱ ራሱ የሠራበትን የዳግላስ ኩባንያ ነው። በዲሲ 10 አውሮፕላን ላይ ትርፉን ንዑስ ተቋራጮቹ ሲወስዱ ኪሳራው ለዳግላስ ቀርቷል ይላል። ጽሑፉ ብዙ የተነበበው ግን የፈራው ከደረሰ በኋላ ነው።

ክርክሩን በቁጥር ለማየት ከአውሮፕላኑ ወርዶ ወደ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ መግባት ይቀላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ወርክሾፑ በወር 1,000 የተማሪ ዴስክ ያመርታል፤ የብረት ፍሬሙንም ራሱ ይበይዳል። የሂሳብ ክፍሉ አንዱ ፍሬም 2,400 ብር ያስወጣል ይላል፤ ብረቱ 1,300፣ የበያጁ ጉልበት 400፣ ኤሌክትሮድና መብራት 150፣ ቀሪው 550 ብር ደግሞ ከኪራይ፣ ከፎርማንና ከጥበቃ ደመወዝ በድርሻ የተጫነበት። አንድ የውጭ በያጅ ፍሬሙን በ2,150 ብር አቀርባለሁ የሚል ፕሮፎርማ አመጣ። ልዩነቱ 250 ብር ነው፤ በወር ሩብ ሚሊዮን። ብዙ ሥራ አስኪያጅ እዚህ ላይ ይፈርማል።

ፊርማው ከመድረቁ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ብየዳው ከግቢው ቢወጣ ከ2,400 ብር ውስጥ በእርግጥ የሚጠፋው የትኛው ነው የሚለው ነው። ብረቱና ኤሌክትሮዱ ይቀራሉ፤ በያጆቹም ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራሉ እንበል። ኪራዩ ግን እንዳለ ነው። ፎርማኑ ቀለም ቀቢዎቹንም ስለሚመራ ይቆያል፤ ጥበቃውም በሩ ላይ ነው። ከ550 ብሩ ውስጥ 450 ብሩ የትም አይሄድም፤ ከነገ ጀምሮ በሌሎች ምርቶች ላይ ይጫናል። ስለዚህ መበየድ በማቆም የሚተርፈው 2,400 ብር ሳይሆን 1,950 ብር ነው። ፕሮፎርማው በዚህ ብቻ ተሸነፈ።

ከዚያ ደግሞ የፕሮፎርማው ዋጋ ራሱ ያድጋል። ማጓጓዣና ማራገፊያ በአንድ ፍሬም 60 ብር፣ ሲገባ የሚመረምር ሰው 40 ብር። ከመቶው አራቱ ተጣመው ቢመጡና አንዱን ማቃናት 500 ብር ቢፈጅ፣ ለሁሉም ሲካፈል 20 ብር። አቅራቢው የዋጋውን ግማሽ ከሁለት ወር በፊት በቅድሚያ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ከባንክ የመጣ ከሆነ ሌላ 32 ብር። ድምሩ 2,302 ብር ነው። ርካሽ የተባለው ፍሬም ከራስ ብየዳ በ352 ብር ይበልጣል፤ በወር 250,000 ብር ያተርፋል የተባለው ውሳኔ 352,000 ብር ያከስራል።

በምርት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ጠቅላላ የባለቤትነት ወጪ የሚሉት ይህንን ነው። ከተቆረጠው ዋጋ ተነስቶ ዕቃው እስኪገጠምና እስኪያገለግል ድረስ የሚከተለው ሁሉ ይደመራል፤ ራስ ሲሠሩት ደግሞ ሥራው ቢቆም በእርግጥ የሚቀር ወጪ ብቻ ይቆጠራል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። የመኪና ኪራይ ደረሰኝ አለው፤ ቆመው የቀሩት ኪራይና ደመወዝ ግን ድሮም ስለሚከፈሉ በዓይን አይታዩም።

ይህ ሂሳብ ሁልጊዜ «ራስህ ሥራ» ይላል ማለት አይደለም። የብየዳው ሼድ ተለይቶ የተከራየ ቢሆንና ውሉ በዚህ ወር የሚያልቅ ቢሆን፣ ወይም በቦታው ሌላ አትራፊ ምርት ማስገባት ቢቻል፣ ያ 450 ብር እውነተኛ ቁጠባ ይሆናል። ያን ጊዜ 2,400 ከ2,302 ጋር ይወዳደርና መግዛቱ በ98 ብር ያሸንፋል። ዋጋው ያው፣ አቅራቢው ያው፣ የተለወጠው የአንድ ውል ማብቂያ ቀን ብቻ ነው። ለዚህም ነው ጥያቄውን ለግዥ ክፍል ብቻ መተው የማያዋጣው፤ የኪራይ ውሉን የሚያውቀው ሰውና የተጣመውን ፍሬም የሚያቃናው ሰው አብረው ካልተቀመጡ ሠንጠረዡ ጎዶሎ ይሆናል።

ቦይንግ ራሱ የማይሠራቸውን ነገሮች ማየትም ሚዛኑን ያስተካክላል። የ787 ሞተሮች የጄኔራል ኤሌክትሪክ ወይም የሮልስ ሮይስ ናቸው፤ አየር መንገዱ ራሱ ይመርጣል። ቦይንግ ሞተር ልሥራ ብሎ ቢነሳ አትራፊ ይሆናል የሚል ሰው የለም። የሞተር አምራቾቹ ለብዙ አውሮፕላን ሠሪዎች ስለሚሸጡ የምርምር ወጪያቸው ለብዙዎች ይከፋፈላል፤ ሞተሩም ከክንፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጥቂትና በሚገባ የታወቀ ነው። የአውሮፕላን አካል ክፍል ግን ለአንድ ገዢ ብቻ ይሠራል፤ ከጎረቤቱ ጋር ደግሞ በመቶዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች መግጠም አለበት። የሚሊሜትር ስህተት እንኳ ኤቨረት ላይ የቀናት ሥራ ነው።

የደረሰውም ይኸው ነው። ተሞልተው ይመጣሉ የተባሉት ክፍሎች ሽቦና ቧንቧ ሳይገጠምላቸው፣ አንዳንዴም ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ የሚያሳየው መዝገብ ሳይሟላ ደረሱ። በኢንዱስትሪው ቋንቋ «ተጓዥ ሥራ» ይባላል፤ በአንድ ፋብሪካ ማለቅ የነበረበት ሥራ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር። ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ባዶ አካል ላይ በሁለት ሰዓት የሚዘረጋ ሽቦ ከተገጣጠመ በኋላ ወለል ማንሳት፣ ሌላውን ባለሙያ ማስቆም፣ እንደገና መመርመር ይጠይቃል። ይህን ወጪ የሚመዘግብ ፕሮፎርማ የለም። ፋብሪካውን የሚመራ ሰው ችግሩን ቀድሞ ማየት ከፈለገ የሚበጀው መለኪያ ከአቅራቢው ዋጋ ይልቅ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ በየሳምንቱ የሚቆጠረው ያልታቀደ የሥራ ሰዓት ነው።

በ2009 ቦይንግ የቮውትን የሳውዝ ካሮላይና ፋብሪካ በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ከዚያ በላይ ለቮውት አስቀድሞ የሰጠውን ገንዘብም ማረለት። ለመሥራት ያልፈለገውን ፋብሪካ መልሶ ባለቤቱ ሆነ። በ2011 መጀመሪያ ላይ የመንገደኞች አውሮፕላን ዘርፉን ይመራ የነበረው ጂም አልባው በሲያትል ባደረገው ንግግር፣ ችግሩን ለማቃናት የወጣው ገንዘብ ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች በቅርብ ይዞ ለመሥራት ያስፈልግ ከነበረው እጅግ እንደበለጠ በግልጽ ተናገረ።

በአካሉ የፊት ክፍል ሠሪ በስፒሪት ላይ ታሪኩ ዘለግ ያለ ነው። ስፒሪት እስከ 2005 ድረስ የቦይንግ የራሱ የዊቺታ ፋብሪካ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር በጥሬ ገንዘብ ተሸጠ። በጃንዋሪ 2024 ከአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ ላይ የበር መዝጊያ ሰሌዳ በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። የአሜሪካ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ሰሌዳው በቦይንግ ፋብሪካ የተከፈተው ከስፒሪት በመጣው አካል ላይ የተበላሹ ሪቬቶችን ለማስተካከል ነበር፤ ሲዘጋ የሚይዙት አራት ብሎኖች አልተመለሱም። በሌላ አነጋገር አደጋው የተወለደው በተጓዥ ሥራ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ቦይንግ ስፒሪትን ለመግዛት ተስማማ፤ ዋጋው በአክሲዮን 4.7 ቢሊዮን፣ ከነዕዳው ወደ 8.3 ቢሊዮን ዶላር። ስፒሪት በመካከሉ ብዙ ስላደገ ይህን ከ2005ቱ ዋጋ ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይገባም።

ለኤርባስ የሚሠሩት የስፒሪት ፋብሪካዎች ደግሞ ወደ ኤርባስ እንዲዛወሩ ተወሰነ። የኤ350 አካል ክፍሎችና የኤ220 ክንፍ የሚሠሩባቸው ሲሆኑ ኪሳራ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያው ስምምነት ኤርባስ ለፋብሪካዎቹ እንዲከፍል የተቆረጠው ዋጋ አንድ ዶላር ሲሆን፣ እነሱን ተረክቦ ለሚሸከመው ወጪ በማካካሻነት ከስፒሪት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲቀበል ተደርጓል።