ቀዩ መድኃኒት በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ዶክሶሩቢሲን በደም ሥር የሚሰጥ ቀይ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየውን የጡት ካንሰር ጨምሮ ብዙ ዓይነት ካንሰሮችን ለማከም ይታዘዛል። የካንሰርን ሴል የሚገድለው ይኸው መድኃኒት የልብን ጡንቻም ይጎዳል። የልብ ጡንቻ ሴል ሲሞት የሚተካው እምብዛም ስለሌለ ጉዳቱ በየዙሩ እየተደመረ ይሄዳል።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር ታማሚዋ በሕይወት ዘመኗ የወሰደችው ጠቅላላ መጠን ነው። መጠኑ የሚሰላው በሰውነት ገጽ ስፋት ነው። ስፋቷ 1.6 ካሬ ሜትር የሆነ ሴት በካሬ ሜትር 60 ሚሊግራም ቢታዘዝላት በአንድ ዙር 96 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ በ4 ዙር ድምሩ በካሬ ሜትር 240 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በግምት እንዳሳየው የልብ ድካም የሚይዛቸው ታማሚዎች ድምሩ 400 ሲሆን ከመቶ 5፣ 550 ሲሆን 26፣ 700 ሲሆን 48 ናቸው። የደም ግፊት ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉና ደረታቸው ላይ የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሰዎች ከዚህ ባነሰ መጠንም ሊጎዱ ይችላሉ።

ክትትሉ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዙር በፊት በሚደረግ የልብ አልትራሳውንድ ነው። በዚህ ምርመራ የግራው የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚረጭ ይለካል። ልኬቱ ከመነሻው በ10 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ከ50 በታች ከወረደ ልብ ተጎድቷል ይባላል። ችግሩ ግን ይህ ቁጥር ዘግይቶ መናገሩ ነው፤ ብዙ ሴሎች ከሞቱ በኋላም የቀሩት ሥራውን ለጊዜው ይሸፍናሉ። በዚያ ላይ የአንዱ ባለሙያ ልኬት ከሌላው ሊለያይ ይችላል። በመሆኑም የጡንቻው ግድግዳ ሲኮማተር በስንት በመቶ እንደሚያጥር የሚያሳየው ልኬት ይታከልበታል።

ለምሳሌ ከላይ የተጠቀሰችው ሴት ከሕክምናው በፊት የመርጨት አቅሟ 62፣ የጡንቻው ማጠር 20 በመቶ ነበር እንበል። ከ4ኛው ዙር በኋላ 57 እና 16.5 ሆኑ። የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ቢታይ ደህና ነች ያሰኛል። ሁለተኛው ግን ከመነሻው በ17.5 በመቶ ወርዷል፤ ከ15 በመቶ በላይ መውረዱ ደግሞ ጉዳት መጀመሩን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ምርመራው በአንድ ዓይነት መሣሪያ መሠራቱንና የደም ግፊቷን ያረጋግጣል፤ በደም ውስጥ ትሮፖኒን የተባለውን የልብ ጉዳት ጠቋሚም ያስለካል። እንደ ኢናላፕሪልና ካርቬዲሎል ያሉ የልብ መድኃኒቶችም ሊጀመሩላት ይችላሉ። የካንሰር ሕክምናውን ወዲያው ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ስላለው ውሳኔው የካንሰርና የልብ ሐኪሞች የጋራ ሊሆን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ከ2,600 በላይ ታማሚዎችን የተከታተለ የጣሊያን ጥናት፣ ጉዳቱ ከታየባቸው መካከል ከሞላ ጎደል ሁሉም የታወቀባቸው ሕክምናው ባለቀ በአንድ ዓመት ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ምንም ሕመም ባይሰማውም በዓመቱ ልቡን ይመርመር። የወሰደውን ድምር መጠን በጽሑፍ ይያዝ፤ ካንሰሩ ቢመለስና ሌላ ሆስፒታል ቢሄድ ሐኪሙ ምን ያህል ሊጨምርለት እንደሚችል የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።