«ሚኒ ላይት» የትኛው ጁስ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ትሮፒካና የብርቱካን ጁሱን ካርቶን ቀየረ። ጁሱ ያው ነበር። ሆኖም ሽያጩ በሁለት ወር ገደማ በ20 በመቶ ያህል አሽቆለቆለና ኩባንያው በየካቲት የቀድሞውን ካርቶን ለመመለስ ወሰነ። በአብዛኛው የሚወራው ከካርቶኑ ላይ ስለጠፋው፣ ስትሮው ስለተሰካበት ብርቱካን ነው። ከገዢዎቹ ቅሬታዎች አንዱ ግን ሌላ ነበር፦ የፍሬው ሥጋ የሌለበትን፣ ጥቂት ያለበትንና የበዛበትን ጁስ ከመደርደሪያው ላይ መለየት አስቸግሯቸዋል።

ችግሩ በትንሽ ፋብሪካም ይመጣል። አንድ አምራች «ማንጎ ጁስ» ብሎ በባለ 1 ሊትር ጀመረ እንበል። ለተማሪዎች ባለ 250 ሚሊ ሊትር ሲያወጣ «ሚኒ» አለው። ስኳር ያልተጨመረበትን «ላይት»፣ ማንጎና ዘይቱን የተቀላቀለበትን ደግሞ «ትሮፒካል» አለ። እያንዳንዱ ስም በወጣበት ቀን ጥሩ ነበር። «ሚኒ ላይት» የሚል ትዕዛዝ ሲመጣ ግን ማንጎው ይሁን ትሮፒካሉ የሚያውቅ የለም። «ላይት» ራሱ ስኳሩ የቀነሰ ይሁን ጁሱ የቀጠነ አይናገርም። «አዲሱ» የሚለው ቃል ከሁሉም ይብሳል፤ በዓመቱ ሌላ አዲስ ይመጣልና።

መፍትሔው የስሙን ክፍሎች ቅደም ተከተል አንዴ ወስኖ አለመንካት ነው፦ ብራንድ፣ የመጠጡ ዓይነት፣ ጣዕም፣ ልዩነት፣ መጠን። ስለዚህ «ሚኒ ላይት» የነበረው ከብራንዱ ቀጥሎ «ጁስ፣ ማንጎ፣ ስኳር ያልተጨመረበት፣ 250 ሚሊ ሊትር» ይሆናል። ይረዝማል፤ ግን አያሳስትም። መጠኑ ምንጊዜም በቁጥር ይጻፍ። ጠርሙሱ ነገ 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን ቁጥሩ ይቀየራል፣ ባርኮዱም አዲስ ይሆናል፤ የቀረው ስም ግን አይነካም።

የመጠጡ ዓይነት ላይ ግን አምራቹ እንዳሻው ስም አይሰጥም። በዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃ መሠረት ጁስና ኔክታር ለየቅል ናቸው፤ የማንጎ ኔክታር ቢያንስ 25 በመቶ የፍሬ ይዘት ሊኖረው ይገባል። አዲሱ ጣዕም ኔክታር ሆኖ ሳለ ከታላቁ «ጁስ» የሚለውን ስም ከወረሰ ስህተቱ ከዝርክርክነት አልፎ ገዢን ማሳሳት ይሆናል።

ስሙ መላላቱ መጀመሪያ የሚታወቀው መጋዘን ውስጥ ነው። ዕቃ ቤቱ «ማንጎ ትንሹ»፣ ሽያጩ «ሚኒ ማንጎ»፣ ሒሳቡ «ማ.ጁ. 250» እያሉ ከመዘገቡ አንዱ ዕቃ ሦስት ይሆናል። ቆጠራ ሲደረግ በአንዱ ስም ጉድለት፣ በሌላው ትርፍ ይታያል፤ ያለጥፋቱ የሚጠረጠረው ደግሞ ንብረት ክፍሉ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚገለብጡት አንድ ዝርዝር ይኑር፣ የሚያሻሽለውም አንድ ሰው ይሁን።

ካርቶን ከማሳተምዎ በፊት ዝርዝሩን ለአንድ ባለሱቅ በስልክ ያንብቡለት። «የትኛው?» ብሎ ከጠየቀዎት ማተሚያ ቤቱ ይቆይ።