ከለሚ አፋፍ የወረደው ውሃ በካርታው ላይ የት ቆመ?

በእንሳሮ ወረዳ፣ በለሚ አካባቢ የሚዘንበው ዝናብ ከደጋው ሜዳ ተነሥቶ ገደሉን እየወረደ ጀማ ወንዝ ይገባል፤ ጀማም አባይን ይቀላቀላል። ይህን መንገድ ኮምፒውተር እንዲከተል ስናዘው ግን ውሃው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይቆማል።

ኮምፒውተሩ የሚያነበው የከፍታ ሞዴል ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት፣ ኤንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በራዳር የለካችው ነው። መሬቱን ጎናቸው 30 ሜትር ገደማ በሆነ ባለአራት ማዕዘን ሕዋሶች ይከፍልና ለእያንዳንዱ አንድ ከፍታ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ደግሞ የእያንዳንዱን ሕዋስ ውሃ ከስምንቱ ጎረቤቶች ቁልቁለቱ ወደሚበረታው ይልካል። ከራሱ ዝቅ ያለ ጎረቤት የሌለው ሕዋስ ስርጉድ ነው፤ ውሃው እዚያ ያበቃል።

ስርጉዱን የሚሞላው ስልት ሥራውን ከካርታው ጠርዝ ይጀምራል። ምንጊዜም ዝቅተኛውን እያስቀደመ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከመጣበት ዝቅ ያለ ሕዋስ ሲያገኝ እስከዚያው ከፍታ ያነሣዋል። 2540 ሜትር የተጻፈለት ሕዋስ ዝቅተኛ መውጫው 2542 ከሆነ እሱም 2542 ይሆናል። ደጋው ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም።

አደጋው ጀማ ሸለቆ ውስጥ ነው። በጠባብ ገደል ራዳሩ ወለሉን አጥርቶ ስለማያይ፣ የዳገቱ ከፍታ ከወንዙ ጋር ተደባልቆ ሐሰተኛ ግድብ ይፈጠራል። ለምሳሌ ወንዙ በ100 ሜትር ግማሽ ሜትር የሚወርድ ቢሆንና ግድቡ ከወለሉ 6 ሜትር ቢነሣ፣ ሙሊቱ ወደ ላይ 1200 ሜትር ይዘረጋል። ወደ 40 የሚጠጉ ሕዋሶች ለጥ ያለ ሐይቅ ይሆናሉ፤ በላዩም ወንዙ ጥምዝምዙን ትቶ በቀጥታ መስመር ይሳላል። በእኔ እምነት እዚህ ቦታ መሙላት ሳይሆን ግድቡን መሸርሸር ይሻላል፤ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሕዋስ ብቻ ነውና።

ሙሊቱ ከሐሰተኛ ግድብ የመጣ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከተሞላው ሞዴል ላይ የመጀመሪያውን መቀነስ ነው። ልዩነቱ ወንዙን ተከትሎ እንደ ጥብጣብ ቀጭንና ጥልቅ ሆኖ ከታየ ሐሰተኛ ግድብ መጠርጠር አለበት። ደጋው ላይ ሰፊና አንድ ሜትር ብቻ ከሆነ ረግረግ ሊሆን ይችላል፤ ከፍታው በሙሉ ሜትር ተጠጋግቶ ስለተጻፈ የመጣም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ሕዋስ የስንት ሕዋስ ውሃ እንደሚያልፍ ይቆጥራል። 1000 ሕዋስ ያህል፣ ማለትም 0.9 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሰበስበውን ሁሉ ጅረት ብንለው መረቡ ይወጣል። ቁጥሩን ግን በዳገቱና በሜዳው ላይ ከሳተላይት ምስል ጋር እያመሳከሩ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ተፋሰሱን ለመከለል የመጨረሻው ሥራ መውጫውን መምረጥ ነው። ነጥቡ ከወንዙ መስመር አንድ ሕዋስ እንኳ ወደ ዳር ቢወጣ፣ የጀማ ገባር ሙሉ ተፋሰስ ቀርቶ የአንድ ዳገት ቁራጭ ይሳላል። ስለዚህ ነጥቡ በአቅራቢያው ብዙ ውሃ ወደሚያልፍበት ሕዋስ ይሳባል።