ሙዚቃው ይሰማል፣ የደዋዩ ስም ግን አይወጣም

ስልክን ከመኪና ቴፕ ጋር በብሉቱዝ ያገናኘ ሰው ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚያየው «ተገናኝቷል» ወይም «አልተገናኘም» ብሎ ነው። ውስጡን ላየው ግን በአንድ ጊዜ የሚከፈቱት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መስመሮች ናቸው። በአንደኛው ጥሪ ይተላለፋል፣ በሁለተኛው ሙዚቃ፣ በሦስተኛው ደግሞ ስልክዎ ላይ የመዘገቧቸው ስሞችና ቁጥሮች ወደ ቴፑ ይሻገራሉ። አንዱ ተዘግቶ ሌሎቹ ሊሠሩ ይችላሉ። ሙዚቃው ጥርት ብሎ እየተሰማ ሰው ሲደውል ስሙ የማይወጣው፣ ወይም ጥሪው በቴፑ እየገባ ሙዚቃው በስልኩ ስፒከር የሚቀረው ለዚህ ነው።

ማጣመሩን ወይም በተለምዶ «ፔር ማድረግ» የሚባለውን መኪናው ቆሞ ያድርጉት። ብዙ የፋብሪካ ቴፖች መኪናው እየሄደ አዲስ ስልክ አይመዘግቡም። ጽሑፉ ደብዝዞ ይታያል፣ ቢነኩትም አይከፈትም። ቴፑ ተበላሽቶ አይደለም፣ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገድ እንዳያነሳ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ቆመው ከቴፑ ላይ «Bluetooth» ውስጥ ይግቡና «Pair» ወይም «Add device» የሚለውን ይጫኑ። ቴፑ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን በዙሪያው ላሉ ስልኮች ያሳያል። ከዚያ ስልክዎ ላይ ብሉቱዝን አብርተው አዲስ ዕቃ ሲፈልጉ ስሙ ይመጣል። የመኪናው ስም ሊሆን ይችላል፣ ኋላ በተገጠሙ ቴፖች ላይ ደግሞ «CAR KIT» የመሰለ ስም ነው።

ስሙን ሲነኩት አዳዲሶቹ ቴፖች በሁለቱም ስክሪን ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ያወጣሉ። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሳያይ «እሺ» ይላል፤ እርስዎ ግን ያስተያዩት። ቁጥሩ ሁለቱም ላይ አንድ ከሆነ ስልክዎ እየተነጋገረ ያለው ከራስዎ ቴፕ ጋር እንጂ አጠገብዎ ከቆመ ሌላ መኪና ጋር አለመሆኑን ያረጋግጣሉ። አሮጌዎቹ ቴፖች ማስተያያ ቁጥር የላቸውም፤ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ 0000 ወይም 1234 ነው።

በዚህ ጊዜ ስልኩና ቴፑ አንድ የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ ያበጁና ሁለቱም ዘንድ ያስቀምጡታል። በማግስቱ መኪናው ሲነሳ ምንም ሳይነኩ የሚገናኙት በዚህ ቁልፍ ነው። ከሁሉ በላይ ሰው የሚያማርርበት ችግርም ከዚሁ ይመጣል። ስልክዎ ላይ የቴፑን ስም ቢያጠፉት ወይም ስልክዎን ሪሴት ቢያደርጉት ቴፑ አሮጌውን ቁልፍ እንደያዘ ይቀራል። እንደገና ሊያገናኙ ሲሉ «የይለፍ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» የሚል ዓይነት መልእክት ይመጣል፣ ወይም ተገናኝቶ ወዲያው ይቋረጣል። መፍትሔው ከሁለቱም በኩል አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የፋብሪካ ቴፖች ደግሞ የሚይዙት የስልክ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ፣ በተለይ ያገለገለ መኪና ከገዙ፣ ዝርዝሩ በቀድሞዎቹ ባለቤቶች ስልኮች ሞልቶ አዲስ አልቀበልም ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። አንድሮይድ ስልክ ሲጣመር ከ«Pair» በላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፦ «Allow access to your contacts and call history» ትላለች። ቸኩሎ የሚያገናኝ ሰው አያያትም፤ ወይ ሳያስበው ምልክት ያደርግባታል፣ ወይ ባዶ ይተዋታል። አይፎን ላይ ያው ጥያቄ ከተገናኘ በኋላ ይመጣል።

ጎረቤቴ የገጠመው ይኸው ነበር። ያሪስ መኪናው ላይ ባለ ስክሪን ቴፕ አስገጥሟል። ሙዚቃው ይሠራል፣ ጥሪም ይገባል፣ ስክሪኑ የሚያሳየው ግን ባዶ ቁጥር ብቻ ነው። «ቴፑ ችግር አለበት» ብሎ ሊመልሰው ተነስቶ ነበር። ስልኩ ላይ ብሉቱዝ ውስጥ ገብተን ከቴፑ ስም አጠገብ ያለችውን የጥርስ ምልክት ስንነካ ሦስት ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረው አገኘን። እንደ ስልኩ ዓይነት ስማቸው ይለያያል፦ ጥሪው «Calls» ወይም «Phone calls»፣ ሙዚቃው «Audio» ወይም «Media audio»፣ ሦስተኛው «Contact sharing» ወይም «Contacts and call history»። ሁለቱ በርተዋል፣ ሦስተኛው ጠፍቷል። አበራነው። ቴፑ ላይ የስልክ ማውጫው ገጽ ውስጥ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ነበረች፤ ስንነካት ስሞቹ እየተቆጠሩ መውረድ ጀመሩ። (አይፎን ላይ ይህ ማብሪያ የሚገኘው ከቴፑ ስም አጠገብ ያለችውን ክብ «i» በመንካት ነው።)

ስሞቹ ሲወርዱ ሁለተኛው ነገር ታየ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉት ስሞች በትክክል ሲወጡ፣ በአማርኛ የተጻፉት በሙሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆነው ተደረደሩ። እናቱ፣ ወንድሙ፣ የዕቁብ ዳኛው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሳጥን። ይህ የፈቃድም የብሉቱዝም ችግር አይደለም። ስልኩ ስሞቹን በትክክል ልኳል፣ ቴፑም ተቀብሏል፤ የጎደለው ቴፑ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያለው ፎንት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሳጥኖቹ አንዱን ነክተው ቢደውሉ ጥሪው ለትክክለኛው ሰው ይሄዳል። ፊደላችን ስልክ ላይ ከገባ ስንት ዓመቱ ነው፤ መኪና ውስጥ ግን ገና እንደ እንግዳ ይታያል። አንድ የፎንት ፋይል ቢጨመር የሚቀር ነገር ስለሆነ፣ ወደ አገራችን ቴፕና መኪና የሚያስገቡ ሰዎች ለአምራቾቹ ቢጠይቁልን ደስ ይለኛል። እስከዚያው ዝርዝሩን በሙሉ መለወጥ አያስፈልግም። አዘውትረው የሚደውሉላቸውን ጥቂት ሰዎች ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ቴፑን እንደገና ማገናኘት ይበቃል።

ፈቃዱ በርቶ፣ ስሙም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፣ አሁንም ቁጥር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ የተመዘገበበትን መንገድ ይዩ። ደዋዩ በ+251 ጀምሮ ሲመጣና እርስዎ በ09 ወይም በ07 ጀምረው ሲመዘግቡት፣ ስልኩ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያውቃል፤ አንዳንድ ቴፕ ግን አያውቅም። በ+251 መመዝገብ ይሄንን ያስቀራል። ቴሌግራም ላይ ብቻ የተመዘገበ ስምም ወደ ቴፑ አይሻገርም፣ ምክንያቱም የሚላከው የስልኩ የራሱ ማውጫ ነው። ሁለት ሲም የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከቴፑ ሲደውል ጥሪው እንደቆመ ሊመስለው ይችላል። ስልኩን ቢያየው በየትኛው ሲም ልደውል ብሎ መልስ እየጠበቀ ነው። ከመንገድ በፊት ለጥሪ አንዱን ሲም ቋሚ አድርጎ መምረጥ ይሻላል።

እዚህ ድረስ ያወራሁት ፈቃዱን ስለመስጠት ነው። መቼ አለመስጠት እንዳለብዎት ግን የበለጠ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም «ፍቀድ» ሲሉ ቴፑ ዝርዝሩን በሩቁ አያይም፤ ይቀዳዋል። ለጎረቤት ማስታወሻ ደብተርዎን ሲያሳዩትና ፎቶ ኮፒ አንስቶ ሲያስቀረው ያለው ልዩነት ነው። የሚሻገረው ስምና ቁጥር ብቻም አይደለም። ማን እንደደወለልዎት፣ ለማን እንደደወሉ፣ ያልተነሱ ጥሪዎችም አብረው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ቴፕ ስልኩ ሲለያይ ቅጂውን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ያ ስልክ ተመልሶ ሲመጣ በቅጽበት የሚያሳየው ስላስቀመጠው ነው።

ስለዚህ የራስዎ መኪና ከሆነ ይፍቀዱ። በመሪው ላይ ባለው ቁልፍ ጥሪ ሲያነሱ የሚደውለውን ሰው ማወቅ ጠቃሚ ነው፣ ስልክ በእጅ ይዞ ማሽከርከርም በደንብ የተከለከለ ነው። የኪራይ መኪና፣ የመሥሪያ ቤት መኪና፣ በየቀኑ ሾፌር የሚቀያየርበት የራይድ መኪና፣ ከጓደኛ ለሁለት ቀን የተዋሱት መኪና ከሆነ ግን ሳጥኗን ባዶ ይተዋት። የሚያጡት ስሙን ማየትና ከቴፑ ማውጫ መርጦ መደወልን ብቻ ነው። ጥሪ ይገባል፣ ይነሳል፣ ሙዚቃም ይሰማል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ከአየር ማረፊያ መኪና የተከራየ ሰው ብሉቱዙን ሲከፍት ከእሱ በፊት የተከራዩ የማያውቃቸው ሰዎች የስልክ ስሞች ተደርድረው የሚያገኘው፣ ማንም ሲመልስ ስለማያጠፋ ነው። ከስልክ ስሙ ጀርባ ቁጥሮቹም ሊኖሩ ይችላሉ።

አንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ በሲጋራ ማቀጣጠያው ቀዳዳ ተሰክተው በኤፍ ኤም የሚያሰራጩት፣ አፕ አውርዱ ይሉና አፑ የኮንታክት ፈቃድ ይጠይቃል። ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥሪና ሙዚቃ የሚተላለፉት በስልኩ በራሱ ብሉቱዝ ስለሆነ አፑ ስሞችዎን ማግኘት አያስፈልገውም። ቢከለክሉት ምንም የሚጎድልብዎት ነገር የለም።

መኪናዎን ሊሸጡ ወይም የተከራዩትን ሊመልሱ ሲሉ ስልክዎ ላይ የቴፑን ስም ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ያ የሚያጠፋው የእርስዎን በኩል ነው፣ የተቀዳው ዝርዝር ያለው ግን ቴፑ ውስጥ ነው። ቴፑ ላይ ወደ ብሉቱዝ ዝርዝር ገብተው የስልክዎን ስም ይምረጡና «Delete» ወይም «Remove» ይበሉ፤ ማውጫውን ለብቻው የሚያጠፋ ቦታ ካለውም ያንንም ይጫኑ። መኪናው የሚሸጥ ከሆነ ከዚህ በላይ ሄደው ከ«Settings» ውስጥ «Factory reset» የሚለውን ያድርጉ። የቴፑን የብሉቱዝ ዝርዝር ሲከፍቱ የስልክዎ ስም ከሌለ፣ ማውጫው ገጽም ላይ አንድም ስም ካላዩ ቁልፉን ማስረከብ ይችላሉ።